መስመሩ ነው ወይስ ዋይፋዩ? መጀመሪያ ኬብል ይሰኩ

ጥያቄ፦ «የ50 ሜጋ ቢት ፓኬጅ ነው ያለኝ። ሳሎን ቁጭ ብዬ በስልኬ ስለካው ግን ከ9 እስከ 14 ነው የሚያሳየኝ። አቅራቢው ጋ ስደውል ‹መስመሩ ደህና ነው፣ ራውተርዎ ነው› ይሉኛል። ራውተር የሚሸጠው ሰውዬ ደግሞ ‹መስመሩ ነው› ይለኛል። ራውተር ልቀይር ወይስ ፓኬጅ ላሳድግ?»

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉት። ሁለቱም ሰዎች ቤትዎን ሳያዩ ነው የሚያላክኩት። ማን ልክ እንደሆነ የሚለየው አንድ የኔትወርክ ኬብልና የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በስልክዎ ሲለኩ የለኩት ሁለት መንገድ ባንዴ ነው። አንዱ ከስልኩ እስከ ራውተሩ በአየር የሚሄደው ነው፤ ዋይፋይ የምንለው እሱን ነው። ሌላው ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው፤ በየወሩ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው የጠባቡን መንገድ ቁጥር ብቻ ነው። የቱ እንደጠበበ አይናገርም። 11 ካለ መስመሩ ራሱ 11 ሊሆን ይችላል። መስመሩ 50 እያመጣ ዋይፋዩ 11ዱን ብቻ እያሳለፈም ሊሆን ይችላል።

ኬብል ሲሰኩ የአየሩ መንገድ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ደህና የሆነ ኬብል 1000 ሜጋ ቢት ያሳልፋል። ለ50 ፓኬጅ ይህ ከበቂም በላይ ነው። ስለዚህ በኬብል የሚያገኙት ቁጥር የመስመሩ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። በሩ ተዘጋ፣ ጎረቤት ፊልም ከፈተ፣ ማይክሮዌቩ ተነሳ ብሎ አይለዋወጥም።

ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ራውተሩን ከፍ ያደርጋል፣ አንቴናውን ያጣምማል፣ ቻናል ይቀያይራል፣ በየመሃሉ በስልክ ይለካል። አንዴ 13 አንዴ 8 ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። መስመሩ ስንት እንደሚያመጣ ሳያውቁ ዋይፋዩ ስንት ማምጣት እንዳለበት አይታወቅም። ኬብሉ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቀመጡ። ከራውተሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣው አጭር ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሌላ ከተጠቀሙ ልባሱ ላይ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። የሚሰኩት ላን የሚል ምልክት ካላቸው ቀዳዳዎች በአንዱ ነው። ለብቻው የቆመው፣ ብዙ ጊዜም ቀለሙ የተለየው፣ የመስመሩ መግቢያ ስለሆነ አይንኩት።

ከዚያ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ። ይህቺን የሚዘልል ብዙ ነው። ኬብል ከተሰካ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉን ያስቀድማል፤ ግን በ«አብዛኛውን ጊዜ» ምርመራ አይሠራም። ዋይፋዩ ሲጠፋ ኢንተርኔቱ በኬብል እየሠራ ለመሆኑ ጥርጥር አይኖርም። ቪፒኤን ካለም ይዝጉት። ቪፒኤን በርቶ ከለኩ የለኩት የቪፒኤኑን ሰርቨር ነው።

ከመለካትዎ በፊት ኬብሉ ራሱ በስንት እንደተገናኘ ይዩ። ዊንዶውስ ከሆነ ፓወርሼልን ይክፈቱና ይህን ይጻፉ፦

```
Get-NetAdapter | Format-Table Name, Status, LinkSpeed
```

`Ethernet` ከሚለው ጎን `1 Gbps` ካለ ደህና ነው። `100 Mbps` ቢል ለእርስዎ 50 አሁንም ይበቃል። `10 Mbps` ካለ ግን ኬብሉ ወይም ቀዳዳው ተበላሽቷል። በሱ የሚመጣውን ቁጥር አይመኑት፤ ኬብል ይቀይሩ፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ላፕቶፕዎ የኬብል መሰኪያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አዳፕተር ይሠራል። ርካሾቹ ከ100 አያልፉም፤ ፓኬጅዎ ከዚያ በላይ ከሆነ ይህን አይርሱ።

አሁን ቤቱን ጸጥ ያሰኙት። አንድ ስልክ ከጀርባ ፎቶ እየጫነ፣ ቴሌቪዥኑ እየተጫወተ ከለኩ የሚያዩት የተረፈውን ነው። ቀላሉ ዘዴ ለአሥር ደቂቃ የራውተሩን ዋይፋይ ማጥፋት ነው። ያኔ በመስመሩ ላይ የሚቀረው ላፕቶፑ ብቻ ይሆናል። ላፕቶፑም ራሱ ከጀርባ አፕዴት እያወረደ እንዳይሆን ይዩ።

ከዚያ የፍጥነት መለኪያውን ይክፈቱ፣ ቅርብ ያለ ሰርቨር ይምረጡ፣ ሦስት ጊዜ ይለኩ። መካከለኛውን ይያዙ። 50 ፓኬጅ ላይ 46፣ 47፣ 48 ማየት ጤነኛ ነው። የቀረው የዳታው አድራሻና መጠቅለያ የሚወስደው ነው። አንዳንድ አቅራቢ ትንሽ ጨምሮ ስለሚለቅ ከ50 በላይም ሊያዩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ፋይል ሲያወርዱ ብሮውዘሩ `6 MB/s` ሲል ሰው ይደነግጣል። እሱ ሜጋ ባይት ነው፤ ፓኬጁ የሚቆጠረው በሜጋ ቢት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 6 ሜጋ ባይት ማለት 48 ሜጋ ቢት ነው። እንዲህ ከሆነ መስመሩ ምንም አልጎደለውም።

ቁጥሩ ሲመጣ ነገሩ ይገለጣል።

በኬብል 47 አካባቢ ካገኙ አቅራቢው እውነቱን ነው። ፓኬጅ ቢያሳድጉ ገንዘብዎን ውሃ በላው ማለት ነው፤ 100 ቢያስገቡም ሳሎን ቁጭ ብለው የሚያገኙት ያው 11 ነው። ግን ራውተር ለመግዛትም አይሩጡ። ገና አንድ ልኬት ይቀራል።

ያንኑ ላፕቶፕ ከኬብሉ ይንቀሉ። የራውተሩንና የላፕቶፑን ዋይፋይ ይመልሱ። ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቀው፣ መሃል ላይ ግድግዳ ሳይኖር ይለኩ። ያው ላፕቶፕ መሆኑ አስፈላጊ ነው። በኬብል በላፕቶፕ፣ በዋይፋይ በስልክ ከለኩ ሁለት ነገር ባንዴ ስለቀየሩ ልዩነቱ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ቀጥለው ሳሎን ይሂዱና ይድገሙት። አጠገቡ 45 ሆኖ ሳሎን 11 ከሆነ፣ ራውተሩ ጤነኛ ነው። ያስቸገረው ርቀቱ ወይም ግድግዳው ነው። መድኃኒቱም ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል ማምጣት፣ ካልሆነም በኬብል የተገናኘ ሌላ የዋይፋይ ማሠራጫ ሳሎን ማስቀመጥ ነው። በአየር ተቀብሎ በአየር የሚያስተላልፈውን ማራዘሚያ እኔ ብዙም አልወደውም። በዚያው አንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው መልሶ የሚልክ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጠዋል።

አጠገቡ ቁጭ ብለውም 15 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

ብዙ መስመር ይወጣል። የሚፈልጉት `Channel`፣ `Receive rate` እና `Signal` የሚሉትን ነው። በአብዛኛው ቤት ያለው ራውተር ላይ ቻናሉ ከ1 እስከ 13 ከሆነ የተገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። 36 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ ነው። `Receive rate` ላፕቶፑና ራውተሩ በአየር የተስማሙበት ፍጥነት ነው። በተግባር የሚያገኙት ከሱ ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ዋይፋይ ላይ በአንድ ቻናል ሁሉም ተራ ጠብቆ ስለሚያወራ ሙሉውን ማግኘት አይቻልም።

ሁለት ዓይነት በሽታ እዚህ ይለያል። `Signal` 35 በመቶ፣ `Receive rate` ደግሞ 26 ከሆነ ሲግናሉ ደክሟል፤ ከ26 ግማሹ 13 ነው፣ ያዩትም እሱን ነው። ራውተሩ አጠገብ ቁጭ ብለው እንዲህ ካለ አንቴናው መላላቱን፣ ራውተሩ ከብረት ሳጥን ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ መደበቁን ይዩ። `Signal` 95 በመቶ፣ `Receive rate` 144 ሆኖ መለኪያው 12 ካለ ግን ሲግናሉ ምንም አልሆነም። አየሩ ነው የተጨናነቀው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። የፎቁ ነዋሪ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ነው የሚጋራው። ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሲቀየሩ ያው ራውተር፣ ያው ላፕቶፕ፣ ያው ወንበር ላይ 46 ሊሰጥዎ ይችላል። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም ካሠራጨ ለ5ቱ የተለየ ስም ይስጡት፤ ያኔ የቱን እንደያዙ ያውቃሉ። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ በሩቅ ክፍል ብዙ አይጠብቁበት። ራውተሩ ጭራሽ 5 ጊጋኸርዝ ከሌለው፣ ያኔ ነው «አዲስ ይግዙ» የምልዎ።

አሁን ወደ ሌላው መልስ። በኬብልም 12፣ በዋይፋይም 11 ከመጣ ዋይፋዩ ነጻ ነው። ጥፋቱ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው ወገን ነው። ያም ሆኖ «መስመሩ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት አንድ ማጣሪያ ይቀራል፤ መሃል ላይ ራውተሩ ራሱ አለ። የአቅራቢውን መስመር የሚቀበለው ሞደምና ራውተሩ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ከሆኑ ላፕቶፑን ቀጥታ ሞደሙ ላይ ይሰኩ። አንዳንድ ሞደም መጀመሪያ ያየውን ዕቃ ብቻ ስለሚያውቅ አጥፍተው ያብሩት። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መስመር ከሆነ እሱን ላፕቶፑ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል። የላፕቶፑ ፋየርዎል መብራቱንም ያረጋግጡ፤ ለዚያች ጥቂት ደቂቃ ከፊቱ የሚከልለው ራውተር የለም። ከሞደሙ ቀጥታ 47 ከመጣ፣ ራውተር ይቀይሩ። እዚያም 12 ከሆነ የአቅራቢው ጉዳይ ነው።

ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ ይህን ማድረግ አይቻልም። ያኔ ቢያንስ በሌላ ኬብልና በሌላ ላፕቶፕ ይድገሙት።

መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ አቋራጭ አለ። የሞደሙን ገጽ ከፍተው `Downstream` ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይዩ። ሞደሙ ከማዶ ካለው መሣሪያ ጋር የተስማማበት ፍጥነት እሱ ነው። እዚያ 14 ካለ፣ የዓለም ምርጥ ራውተር ቢያመጡ ከ14 አያልፍም። ሽቦው ረዝሟል፣ ወይም መጋጠሚያው አርጅቷል፣ ወይም አቅራቢው 50ውን አልከፈተልዎትም።

ሰዓትም ይናገራል። ጠዋት በኬብል 46፣ ማታ በኬብል 12 ከሆነ ሽቦዎ አልተበላሸም፤ አካባቢው ሁሉ ሲገባ የአቅራቢው መንገድ እየታጨቀ ነው። ቀንም ሌትም 12 ከሆነ ግን ወይ ብልሽት ነው፣ ወይ የፓኬጅ አሞላል ስህተት።

«በኬብልም በዋይፋይም እኩል ከሆነ መስመሩ ነው» የሚለው ደንብ የሚያሳስትበት አንድ ቦታ አለ፤ ላሳይዎ። አንድ ሰው 200 ፓኬጅ አለው። አቅራቢው ግማሹን እየሰጠኝ ነው ብሎ ተናዶ ነው የጠራኝ። በኬብል ለካን፤ 94፣ 93፣ 94። ራውተሩ አጠገብ በ5 ጊጋኸርዝ ለካን፤ 93። በደንቡ ከሄድን አቅራቢው ጥፋተኛ ነው። ግን 94 የምትባለው ቁጥር ታጠራጥረኛለች። እውነተኛ መስመር ሲታመም ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ አንዴ 120፣ አንዴ 80 ይላል። 94 ላይ ተቸክሎ የሚቆም ነገር ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ በ100 የተገናኘ ኬብል አለ ማለት ነው። ከ100 ላይ የመጠቅለያው ሲቀነስ 94 ወይም 95 ይቀራልና።

ላፕቶፑ ላይ አየን፤ `1 Gbps` ይላል። እንግዲህ ያ ኬብል አይደለም። የቀረው ማንም የማያስታውሰው ነው፤ ከሞደሙ ወደ ራውተሩ የሚሄደው። ተከትለን ስንሄድ በበር ጉበን ሥር አልፏል፣ በሩም በተዘጋ ቁጥር ይጫነዋል። የኔትወርክ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦ በአራት ጥንድ ተጠምዝዞ አለ። ለ1000 አራቱም ጥንድ ያስፈልጋል፤ 100 ግን በሁለቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀሪዎቹ ጥንዶች አንድ ሽቦ ሲበጠስ ኢንተርኔቱ አይቆምም። ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል፣ ማንም አያውቅም። ሞደሙንና ራውተሩን አጠጋግተን በአጭሩ ኬብል አገናኘናቸው። 191 መጣ። ዋይፋዩም አብሮ ወደ 180 ወጣ፤ እሱም ሲሰቃይ የነበረው በዚያች ኬብል ነው።

ለእርስዎ 50 ፓኬጅ ይህ አያሰጋም። በ100 የተገናኘ ኬብል 50ን አያግድም። ፓኬጅ ካሳደጉ ግን ያስታውሱት። የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ምልክትም አለ፤ ዋይፋዩ ከኬብሉ ከበለጠ ጥፋቱ የላፕቶፑ ኬብል፣ የተሰካበት ቀዳዳ ወይም አዳፕተሩ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ፍጥነቱ በቋሚነት ሲያንስ ነው። ስለካ ደህና ነው፣ ቪዲዮ ስደውል ግን ይቆራረጣል ካሉ የፍጥነት መለኪያ አያዋጣም። ያኔ ሁለት መስኮት ከፍተው ጎን ለጎን ይህን ያስኪዱ፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው የራውተሩ አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው ከቤት ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው። የእርስዎ የተለየ ሊሆን ስለሚችል `ipconfig` ብለው `Default Gateway` ከሚለው ጎን ያለውን ይውሰዱ። በኬብል ከሆነ ራውተሩ `<1ms` ወይም `1ms` ብሎ መመለስ አለበት። ቀጥለው በዋይፋይ ያስኪዱት። 2፣ 5፣ 8 ቢል የወግ ነው። ጥሪው ሲቆራረጥ የራውተሩ ቁጥር ራሱ 180፣ 400 እያለ የሚዘል ከሆነ ወይም `Request timed out` ካለ፣ ዳታው ከቤት ሳይወጣ ነው የተሰናከለው፤ ዋይፋዩ ነው። የራውተሩ 3 ላይ ረግቶ የሁለተኛው ብቻ ከዘለለ ችግሩ ከራውተሩ ማዶ ነው። ያኔም ቤት ውስጥ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል እየላከ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁ። ወደ ላይ የሚሄደው መስመር ሲሞላ ሁሉም ይንቀራፈፋል፤ መስመሩ ሳይታመም የታመመ ይመስላል። ለማቆም `Ctrl+C` ነው።

ላፕቶፕ ከሌለዎት፣ ብዙ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ታይፕ ሲ የኬብል አዳፕተር ይቀበላሉ። ዋይፋዩንም የሞባይል ዳታውንም አጥፍተው ይለኩ። የኬብል መሰኪያ ያለው ቴሌቪዥንም ብሮውዘር ካለው ይሆናል። ብዙዎቹ ከ100 ባያልፉም ለ50 ይበቃሉ።

ከሳሎን 9 እስከ 14 መዋዠቁን ሳይ የእኔ ግምት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የተቀመጠ ስልክ ነው። ግን ግምት ነው፤ ኬብሉ ይፍረድ። በኬብልም 12 ከመጣ አቅራቢው ጋ ሲደውሉ «ኔት ቀርፋፋ ነው» አይበሉ። «በኬብል፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ሌላ ዕቃ ሳይገናኝ፣ ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ከ13 አላለፈም፣ ኬብሉም በ1 ጊጋ ነው የተገናኘው» ይበሉ። የእያንዳንዱን ልኬት ምስል ከነሰዓቱ ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ «ራውተርዎ ነው» ካሉ፣ ከሞደሙ ቀጥታ የለኩትን ይንገሯቸውና ባለሙያ እንዲልኩ ይጠይቁ።